«ልጇ» ወይስ «ልጅቷ»? የአንድ የ7ኛ ክፍል ክፍት ቦታ ሙላ ፈተና ጉዳይ

መነሻ

አማርኛ አስተምራለሁ። ጉዳዩ የተፈጠረው 52 ተማሪ ባለው አንድ የ7ኛ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱንም ልጆቹንም በስም አልጠራም። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። ሲያወሩ ጾታም ቁጥርም አይሳሳቱም። «ልጅቷ መጣ» የሚል ተማሪ ሰምቼ አላውቅም።

የስም እርባታን ስንጨርስ 20 ክፍት ቦታ ያለው ፈተና ሰጠኋቸው። ነጥብ በነፃ እያደልኩ መስሎኝ ነበር። መመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ «በቅንፍ ውስጥ ባለው ስም ላይ ተገቢውን ቅጥያ በመጨመር ክፍት ቦታውን ሙሉ።» ጥያቄዎቹንም የመልስ ቁልፉንም የወሰድኩት ከአንድ የቆየ የፈተና ወረቀት ነው። ስንፍና ነው፣ አልክድም። ቁልፉን እያየሁ ቶሎ ቶሎ አረምኩ። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ10 በታች አመጣ።

ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት አንዲት ተማሪ መጣች። ጣቷን ያሳረፈችው 7ኛው ጥያቄ ላይ ነበር።

ትናንት ________ ከትምህርት ቤት ቀረች። (ልጅ)

«ልጅቷ» ብላ ጽፋለች። እኔ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ምን ይባላል? እኛ ቤት ሁሉም ሰው ልጅቷ ነው የሚለው።»

ቁልፉን አየሁት። «ልጂቱ» ይላል። ለልጅቷ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ወረቀቶቹን እንደገና ስቆጥር

ያን ቀን ማታ 52ቱንም ወረቀት እንደገና አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ልክና ስህተት ማለቱን ትቼ፣ 7ኛው ጥያቄ ላይ ማን ምን እንደጻፈ ብቻ ቆጠርኩ። «ልጇ» ያሉ 17፣ «ልጅቷ» ያሉ 14፣ «ልጁ» ያሉ 11፣ «ልጂቱ» ያሉ 6 ሆኑ። አራቱ ባዶ ትተውታል። በቁልፉ መሠረት ያገኙት እንግዲህ ስድስት ልጆች ናቸው።

አንድ በአንድ እንያቸው።

«ልጂቱ» እና «ልጅቷ» ያው ናቸው። ሁለቱም «ያቺ የምናውቃት ልጅ» ማለት ነው። የመጀመሪያው በጽሑፍና በአንዳንድ አካባቢ አነጋገር ይበዛል፣ ሁለተኛውን የከተማ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲለው ይውላል። አንዱን ልክ፣ ሌላውን ስህተት የሚያደርግ ምክንያት የለም። ላምም እንዲሁ ነው፣ «ላሚቱ» ቢባል «ላሟ» ቢባል ልዩነት የለውም። «ላምዋ» ብሎ የጻፈውንም አልቀጣሁም፣ ቅጥያው ተነጥሎ ተጻፈ እንጂ ሌላ ቅጥያ አልሆነም።

«ልጇ» ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ የሚመጣለት «የእሷ ልጅ» የሚለው ነው። ሆኖም «ትናንት ልጇ ከትምህርት ቤት ቀረች» ፍጹም ጤናማ አማርኛ ነው። አንዲት እናት ሴት ልጅ አላት፣ ልጅየዋ ቀረች፣ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ «ልጁ» ነው። መጀመሪያ ያየሁት እንደ ግልጽ ስህተት ነበር። «ልጁ» ወንድ ነው፣ «ቀረች» ሴት ናት፣ አይስማሙም። ከዚያ አንድ ጎረቤቴን አስታወስኩ። ሰውየው ሴት ልጅ አለችው። «ልጁ ታመመች» ስንል ኖረናል፣ ማንም ተሳሳታችሁ አላለንም። «ኡ» የምትባለው ቅጥያ ሁለት ሥራ አላት። አንዳንዴ ነገሩ የሚታወቅ መሆኑን ትናገራለች፣ ይህ እምርነት የምንለው ነው። አንዳንዴ ደግሞ «የእሱ» ማለት ናት። «ቤቱ» ያልነው ያ የምናውቀው ቤትም፣ የእሱ ቤትም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ትርጉም የቅጥያዋ ወንድነት የአባትየው እንጂ የልጅቷ አይደለም። ስለዚህ «ልጁ ቀረች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሰዋስው አልጣሰም።

አራት ዓይነት መልስ ተጻፈ፣ አራቱም የሚያስኬዱ ናቸው። ጥያቄው አንዱንም አላስቀረም።

ሌሎቹ ጥያቄዎች

ከዚያ ቀሪዎቹን 19 ጥያቄዎች በዚሁ ዓይን አየኋቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ ሦስቱ ይበቃሉ።

ትልቁ ________ ትናንት ፈረሰ። (ቤት)

ቁልፉ «ቤት» ይላል፣ ልክም ነው። የእምርነት ምልክቱ በአንድ ሐረግ የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው። ከስሙ ፊት ቅጽል ካለ ቅጽሉ ይወስደዋል፣ ስሙ እንዳለ ይቀራል። «ትልቁ ቤት»፣ «ትልቋ ላም»፣ «የመጣችው ልጅ» እንላለን። «ን» ሲመጣም የሚጠጋው ወደዚያው ነው፣ «ትልቁን ቤት አፈረሱት» ይባላል። ግን 38 ተማሪዎች «ቤቱ» ብለዋል። «ትልቁ ቤቱ» ሲባል «የእሱ ትልቅ ቤት» ይሆናል። አንዱን ልጅ ለምን እንዲህ እንደጻፈ ጠየቅኩት። «መመሪያው ጨምሩ ይላል፣ ባዶውን ከጻፍኩት ምን ጨመርኩ?» አለኝ። እውነት አለው። መመሪያው ራሱ ወደ ስህተት ይገፋል።

እናቴ አምስት ________ ገዛችልኝ። (ደብተር)

ቁልፉ «ደብተሮች» ነው። ግን ከቁጥር በኋላ ስምን በነጠላ መተው በአማርኛ የተለመደ ነው። «አምስት ደብተር» የሚለው የሱቅም፣ የቤትም፣ የክፍልም አነጋገር ነው። ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሮታል። «አምስት ደብተሮች»ም ይባላል። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ጥያቄው የሚለካው የተማሪውን እውቀት አይደለም፣ አውጪው የቱን እንደወደደ የመገመት ችሎታውን ነው።

ሁሉም ________ በሰዓቱ ተገኙ። (መምህር)

ቁልፉ «መምህራን» ነው። «መምህሮች» ያለውን ኤክስ አድርጌበት ነበር፣ ነጥቡን መለስኩለት። «ኦች» የአማርኛው ማብዣ ነው፣ «አን» ከግዕዝ የመጣው ነው፣ ቃሉ ሁለቱንም ይቀበላል። 21 ተማሪዎች ግን «መምህራኖች» አሉ። ይህ የተለየ ጉዳይ ነው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት፣ ያልሠራውም

የተበላሸውን ነጥብ መጀመሪያ አስተካከልኩ። ይህን ለክፍሉ በግልጽ ነገርኳቸው። የጭብጨባው ነገር አይነሳ።

ከዚያ እንደገና ማስተማር አለብኝ ብዬ አሰብኩና ትልቅ ሰንጠረዥ ሰሌዳው ላይ ሠራሁ። ለወንድ «ኡ»፣ ከአናባቢ በኋላ «ው»፤ ለሴት «ዋ» ወይም «ኢቱ»፤ ለብዙ «ኦች»፣ ከአናባቢ በኋላ «ዎች»። ገለበጡት። ሸመደዱት። በሳምንቱ አጭር ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ ይህ ነበር።

ሦስት ሴቶች ወደ ወንዝ ወረዱ። ________ ውሃ ቀድተው ተመለሱ። (ሴት)

መልሱ «ሴቶቹ» ነው። ከክፍሉ ብዙዎቹ «ሴቶቿ» ብለው አረፉት! ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሰንጠረዡ «ሴት ከሆነ ዋ» ይላል። ሴቶች ሴት ናቸው። ስለዚህ «ዋ»። የረሳሁት ነገር ቢኖር በብዙ ቁጥር ጾታ የሚጠፋ መሆኑን ነው። «ወንዶቹ መጡ»፣ «ሴቶቹ መጡ»፣ ቅጥያው አንድ ነው፣ ግሱም አንድ ነው። «ልጆቿ» ሲባል የሚገኘው የእሷ ልጆች ነው፣ እነዚያ ሴት ልጆች አይደሉም።

ከሰንጠረዡ በፊት እነዚሁ ልጆች «ሴቶቿ ተመለሱ» ብለው አያውቁም ነበር። ሰንጠረዡ ያላቸውን ጆሮ ወሰደባቸውና በምትኩ ደንብ ሰጣቸው፤ ያውም የተቆረጠ ደንብ። ይህ እርምጃ ከማይጠቅም በላይ ጎጂ ነበር።

ከግሱ መጀመር

መንገዱን ያሳየኝ ሌላ ተማሪ ነው። አማርኛን የተማረው ዘግይቶ ነው፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ሌላ ነው። በንግግር ከጓደኞቹ ያንሳል። በሁለቱም ፈተና ግን በጾታና በቁጥር ጥያቄዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ጎኑ ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየሁት። ክፍት ቦታውን ዘሎ እስከ አራት ነጥቡ ያነባል። ግሱን ያሰምርበታል። ከዚያ ይመለሳል።

ሌሎቹን ደግሞ አየሁ። እርሳሳቸው ክፍት ቦታው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይጽፋል፣ ይቀጥላል። ቀሪውን ዐረፍተ ነገር ያነቡታል ለማለት እንኳ ይከብዳል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ የሚናገረው ቃል ገና አልተነበበም። ሲያወሩ ይህ ችግር የለም፣ ተናጋሪው የሚያወራውን ሰው ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ወረቀት ላይ ግን የሚያውቀው ጥያቄ አውጪው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሠራን። ክፍት ቦታውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ግሱን ያሰምራሉ። «ማን?» ብለው ይጠይቁታል። «ቀረች» — ማን? እሷ። «ተመለሱ» — ማን? እነሱ። «ፈረሰ» — ማን? እሱ። ከዚያ በኋላ ነው ቅንፉን የሚያዩት። ለሰንጠረዡ ቦታ አልሰጠሁትም፣ ሰሌዳው ላይም አልመለስኩትም። «እነሱ» ብለው ከመለሱ «ሴቶቿ» በራሱ ጊዜ ከአፋቸው ይጠፋል፣ ጆሯቸው ይመለሳል።

ዘዴው ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ።

የመጀመሪያው ተሳቢው ክፍት ሲሆን ነው።

በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። መምህሩ ________ ጠራት። (ልጅ)

ግሱን አሰመሩ። «ጠራ» — ማን? እሱ። ስለዚህ «ልጁን» ጻፉ። እዚህ ግሱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። የጠራው አለ፣ የተጠራችው አለች። የምንፈልጋት ከጫፉ ላይ ያለችው «ት» ናት። «ጠራው» ቢል «ልጁን»፣ «ጠራት» ሲል «ልጅቷን»። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ጨመርን፦ «ማን?» ብቻ ሳይሆን «ማንን?» እንጠይቃለን። የግሱን ጫፍ በሌላ ቀለም ማስመር ረዳቸው።

ሁለተኛው አክብሮት ነው።

________ ወደ ክፍል ገቡ። (መምህር)

እኔ የጠበቅኩት «መምህራኑ» ወይም «መምህሮቹ» ነበር። አንዱ ልጅ «መምህሩ» ብሎ ጻፈ። ሊታረም ይገባዋል ብዬ ልጀምር ስል ነቃሁ። እሱ ስለ እኔ ነው የጻፈው፣ «መምህሩ ገቡ» ብሎ። በአማርኛ ለአንድ የተከበረ ሰው የሚነገረው ግስ ከብዙዎቹ ግስ ጋር አንድ ነው። ግሱ ብቻውን «እሳቸው» ይሁን «እነሱ» አይለይም። መምህር፣ አባት፣ ዳኛ፣ ሽማግሌ ዓይነት ስሞች ቅንፍ ውስጥ ሲገቡ ይህ ወጥመድ ሁልጊዜ አለ።

ጥያቄዎቹን እንደገና መጻፍ

የተማሪው ድርሻ ይህ ከሆነ የእኔ ድርሻ ጥያቄውን መቆለፍ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ወስጄ አንድ ሙከራ አደረግኩበት፦ ከቁልፉ ውጭ ሌላ ጤናማ መልስ ለመፈለግ ሆን ብዬ ለፋሁ። ከተገኘ ወይ ጥያቄው ይቀየራል፣ ወይ ቁልፉ ይሰፋል።

ለእምርነት አንድ ዐረፍተ ነገር አይበቃም። የሚታወቅ ነገር የሚታወቀው አስቀድሞ ስለተነገረ ነው። ስለዚህ 7ኛው እንዲህ ሆነ።

አንዲት ልጅ አዲስ ወደ ክፍላችን መጣች። ________ ዛሬ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። (ልጅ)

አሁን «አንዲት ልጅ» ስላለ «ልጇ»ም «ልጁ»ም ቦታ የላቸውም፣ እሷም እሱም የሚባል ሌላ ሰው አልተጠቀሰም። «ልጅቷ» እና «ልጂቱ» ይቀራሉ፣ ቁልፉ ሁለቱንም ይይዛል።

የደብተሩ ጥያቄ ቁጥሩን ጥሎ አመልካች ወሰደ። «እነዚህ ________ ተቀደዱ» ካልን «ደብተር» አያስኬድም፣ «ደብተሮች» ይሆናል። «________ ወደ ክፍል ገቡ» የሚለው ከፊቱ «ሁለት መምህራን ከቢሮ ወጡ» የሚል አገኘ። «ትልቁ ________» ላይ ጥያቄውን አልነካሁም፣ መመሪያውን ነው የቀየርኩት፦ «ስሙን አስፈላጊ ከሆነ ቅጥያ ጨምራችሁ፣ ካልሆነ እንዳለ ጻፉ።» በአዲሱ ወረቀት ካሉት 12 ጥያቄዎች ሦስቱ እንዳለ የሚጻፉ እንዲሆኑ አደረግኩ። አንድ ብቻ ከሆነ ተማሪው «የተረሳ ነው» ይላል።

ውጤቱ

በአዲሱ ወረቀት ላይ የልጅ ጥያቄውን 45 ተማሪዎች መለሱት። «ትልቁ» ላይ «ቤቱ» ያሉት ከ38 ወደ 9 ወረዱ። ምን ያህሉ በማስተማሩ፣ ምን ያህሉ ጥያቄው በመስተካከሉ እንደመጣ መለየት አልችልም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ። የ«ትልቁ» ግን ጥያቄው ያው ነውና አብዛኛው የመመሪያው ሥራ ይመስለኛል።

ያልተነቃነቀው ድርብ ብዜት ነው። «መምህራኖች» ያሉት 21 ነበሩ፣ 18 ሆኑ። ሲያስቡት ሊነቃነቅ አይችልም ነበር። ግሱን አሰምረህ «ማን?» ብትለው «እነሱ» ይልሃል፤ «መምህራን»ም «መምህራኖች»ም ከ«እነሱ» ጋር አይጣሉም። ችግሩ ቃሉ ውስጥ ነው። ልጆቹ «አን» እና «አት» ብዙ ማለት መሆናቸውን አይሰሙትም። ለእነሱ «ሕፃናት» አንድ ቃል ነው፣ ሲበዛ «ሕፃናቶች» ይሆናል። ትልልቆቹም «ቃላቶች» ሲሉ ይውላሉ። እንዲያውም «ሠራዊት» በግዕዝ ብዙ ነው፣ እኛ ዛሬ «ሠራዊቱ ተነሣ» ብለን እንደ ነጠላ እንይዘዋለን፣ ማንም አያርመንም። ስለዚህ ልጆቹ ያደረጉት ቋንቋው ራሱ አንዳንዴ የሚያደርገውን ነው። በትምህርት ቤት ጽሑፍ ግን ስህተት ተብሎ ይታረማልና ማወቅ አለባቸው።

ለዚህ የሠራው አሰልቺው መንገድ ነው። ነጠላውን አጠገቡ እያስጻፍኩ ጥንድ ጥንድ አስያዝኳቸው፦ ቃል ቃላት፣ ዓመት ዓመታት፣ ሕፃን ሕፃናት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ኮከብ ከዋክብት። ከ15 ጥንድ አላለፍኩም። የሚጠራጠር ልጅ ነጠላውን ወስዶ «ኦች» እንዲያደርግበት ፈቀድኩ። «መጽሐፎች» ብሎ ከጻፈ ሙሉ ነጥብ አለው። በቀጣዩ ወር «መምህራኖች» ያሉት 7 ነበሩ።

ለሌላ ክፍል የሚተርፈው

ወረቀቱን 9ኛ ክፍል ለሚያስተምር ባልደረባዬ ሰጠሁት። የእሱ ልጆች በጾታው ብዙም አልተቸገሩም፣ «ትልቁ ቤቱ» እና ድርብ ብዜቱ ላይ ግን ልክ እንደኔዎቹ ወደቁ። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ከክፍል ክፍል ተሸክመዋቸው የሚሄዱ ይመስላል። የጾታው ግን አብዛኛው የማንበብ ልማድ ነው።

ከእርማቱ በፊት መልሶችን በዓይነት መቁጠር አሁን ልማዴ ሆኗል። አንድ ጥያቄ ላይ 17 ልጆች አንድ ዓይነት «ስህተት» ከጻፉ መጀመሪያ የማየው ጥያቄውን ነው። ተራ ስህተት ብዙ ጊዜ ይበታተናል። እንዲህ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ ወይ ሌላ ልክ መልስ አለ፣ ወይ እኔ ያስተማርኩት የተቆረጠ ደንብ አለ። «ልጇ» የመጀመሪያው ነበር፣ «ሴቶቿ» ሁለተኛው።

አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን አልሆነልኝም።

መንገዱ ዳር አንዲት መኪና አለች። ________ ትናንት ተበላሸች። (መኪና)

«መኪናዋ» ነው መልሱ፣ ግሱም «አንዲት»ም ይቆልፉታል። ችግሩ የተነሣው ከኋላ ወንበር ነው። አባቱ የጭነት መኪና የሚነዳ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የአባዬን ብታያት ኖሮ አንዲት አትላትም ነበር። አንድ ትልቅ መኪና ነው፣ ተበላሸ ነው የሚባለው።» ከዚያ ደግሞ ራሱ ሳቀ፣ «ብታያት» ማለቱን ጓደኛው ነግሮት ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለና ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩ። ግዑዝ ነገር ላይ ጾታው ከስሙ ሳይሆን ከተናጋሪው ይመጣል፣ ትንሽና የተወደደ ሲሆን ሴት እናደርገዋለን። ጥያቄውን ከፈተናው አወጣሁት፣ ለክፍል ውይይት ግን አስቀምጬዋለሁ።